«በዚህ ዋጋ አልችልም» ማለት ከበደኝ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በመስከረም የሚከፈት አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት ቢሾፍቱ ላይ እያዘጋጀሁ ነው። ለሦስት ክፍል 80 ወንበርና 20 ጠረጴዛ ያስፈልገኛል። ሰፈራችን ውስጥ ጥሩ ሥራ የሚሠሩ ባለ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ጋሼ አሉ፤ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ናቸው። ፕሮፎርማ ሰጡኝ። ወንበሩ 2,400፣ ጠረጴዛው 7,200፣ ድምሩ 336,000፣ ከቫት ጋር 386,400 ብር ነው። 70 በመቶ ቅድሚያ፣ ርክክብ በ30 ቀን፣ ዋጋው ለ15 ቀን የጸና ይላል። ሳምንት ሊሞላው ነው። እኔ ያለኝ 300,000 ብር ብቻ ነው። ሌላ ቤት ከነቫቱ 310,500 ብሎኛል፤ ሥራቸው ግን እንደ ጋሼ አይመስለኝም። እስካሁን የተመዘገቡት ልጆች 55 ናቸው።

ጋሼ ሁለት ጊዜ ደወሉ፣ አፍሬ አላነሳሁም። ባለቤቴ «ግማሹን በያቸው፣ ራሳቸው ይወርዳሉ» ይላል። ካልሆነም «ትንሽ ቀብድ ጣይና ዋጋውን አስይዢ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «እኔ ዕድር ላይ ላነጋግራቸው» ትላለች። እምቢ ብላቸው እንዳይቀየሙኝ ፈራሁ፤ ከርሞ አራተኛ ክፍል ስከፍት የምፈልገው እሳቸውን ነው። ሳላስቀይም፣ በሩንም ሳልዘጋ እንዴት ልመልስላቸው?

የጨነቃት፣ ከቢሾፍቱ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያላነሳሽውን ስልክ ዛሬውኑ መልሰሽ ደውዪ። ገና ምን እንደምትወስኚ ባታውቂም ደውዪ። «ጋሼ፣ ፕሮፎርማው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ፤ እስከ ነገ ወዲያ ቁርጡን እነግርዎታለሁ» ማለት ለዛሬ ይበቃል። እምቢታሽ ያስቀይማቸዋል ብለሽ ፈርተሻል፤ ለእሳቸው ግን ከእምቢታው ይልቅ ዝምታው ነው የሚከፋው። ምክንያቱ የሥራቸው ጠባይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለመስከረም የሚሯሯጡበት ወቅት ስለሆነ የአንቺን 30 ቀን ሲያስቡ ለሌላ ሰው «አልደርስም» እያሉ ሊሆን ይችላል። የብረቱም ነገር አለ። ቱቦላሬ የሚሠራበት ብረት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ባለ ሱቆቹ ራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ብዙ አይቆይም። አንቺን በ15 ቀን ዋጋ የጠበቁሽ ሰው የብረቱን መወደድ በራሳቸው ላይ ወስደው ነው። በሰባተኛው ቀን የተነገራቸው እምቢታ ስምንት ቀን ይመልስላቸዋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን የተነገረ ግን ምንም አይመልስላቸውም። ከርሞ ስትሄጂ የሚያስታውሱትም ይህንን ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። እምቢ ከማለትሽ በፊት ልታውቂው የሚገባ አንድ የሕግ ነገር አለ፤ ብዙ ገዢ ሳያውቀው የሚሰናከልበት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1690 የጊዜ ገደብ ያለው የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ገደቡ እስኪያልፍ በሐሳቡ እንደሚታሰር ይናገራል። ስለዚህ ፕሮፎርማው የጸና ነው እስከተባለበት ቀን ድረስ ጋሼ በዚያ ዋጋ የታሰሩ ናቸው። በአንቀጽ 1694 ደግሞ ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል ያልገጠመ ወይም ቅድመ ሁኔታ ያለበት መቀበል ሐሳቡን እንደመተውና አዲስ ሐሳብ እንደማቅረብ ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር «በ300,000 ከሆነ እወስዳለሁ» ባልሽበት ቅጽበት 386,400ው ፈረሰ ማለት ነው። ነገ ሐሳብሽን ቀይረሽ «እሺ በመጀመሪያው ይሁን» ብትዪ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። አንቺ ጋ 386,400 ብር ስለሌለ ይህ ብዙም ላይጎዳሽ ይችላል። ግን እስኪ ራስሽን ጠይቂ፤ ከዘመድ ወይም ከብድር ቀሪው ሊገኝ የሚችልበት ዕድል አለ? ካለ ዋጋ አትጥሪ፣ ጠይቂ ብቻ። «ብዛቱ ቢቀንስ ነጠላ ዋጋው ይቀየራል?» የሚለው ጥያቄ ነውና የቀረበውን ሐሳብ አያፈርስም። ዕድሉ ከሌለ ግን ቀጥታ ወደ ግልጽ እምቢታ ሂጂ።

ቀጥሎ ቁጥሩን በወረቀት ላይ እናስቀምጠው። አንቺ የያዝሽው 300,000 ቫትን ጨምሮ መሆን አለበት። አንድ ነጋዴ የከፈለውን ቫት ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል፤ የትምህርት አገልግሎት ግን ከቫት ነፃ ስለሆነ አንቺ የምትከፍይው 15 በመቶ የሚመለስበት መንገድ የለውም፣ ሙሉ በሙሉ ወጪሽ ነው። 300,000ን ለ1.15 ብታካፍይው 260,870 ብር ገደማ ይመጣል። ጋሼ የጻፉት 336,000 ነው። ልዩነቱ ከ75,000 ብር በላይ፣ ማለትም ከመቶ ሃያ ሁለት ያህል ነው። ይህ በልመና የሚወርድ መጠን አይደለም። ብረቱ፣ ጣውላው፣ ቀለሙና የሠራተኛው ቀለብ ተቆጥሮበት በአግባቡ የወጣ ዋጋ ከሆነ፣ ከመቶ ሃያ ሁለት ቀንሶ የሚሠራ ሰው የሚቀንሰው ከትርፉ ሳይሆን ከዕቃው ነው። የወንበሩ እግር ይሳሳል፣ ጸረ ዝገቱ አንድ እጅ ብቻ ይቀባል፣ ብየዳው ዙሪያውን መሆኑ ቀርቶ ነጥብ ነጥብ ይሆናል። ስትረከቢ ሁሉም አዲስና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ አታውቂውም። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጆቹ ወደ ኋላ እየተንጋለሉ ሲወዛወዙበት እግሩ ከመቀመጫው መጋጠሚያ ላይ መታጠፍ ሲጀምር ታውቂዋለሽ።

ባለቤትሽ «ግማሹን በያቸው» ያለው መርካቶ ላይ ልብስ ሲገዛ ይሠራለት ይሆናል፤ እዚያ የሚጠራው ዋጋ እንዲወርድ ተብሎ የተጠራ ነው። ወርክሾፕ የሚያወጣው ፕሮፎርማ ግን ከስሌት የመጣ ነው። ግማሹን ስትጠሪ ሰውየው የሚሰሙት «ስሌትዎ ውሸት ነው» የሚል ቃል ነው። ዕድር ያገናኘው ሰው ደግሞ ይህንን ቶሎ አይረሳም።

እንግዲህ የምትቀንሽው ዋጋውን ካልሆነ ምንድን ነው? ብዛቱን ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ መልሱ ተቀምጧል፣ የተመዘገቡት 55 ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ አራት ልጅ ከተቀመጠ 15 ጠረጴዛ ለ60 ልጅ ይበቃል፤ አምስት ትርፍ ወንበርም ይኖርሻል። በጋሼ ዋጋ፣ አንዲት ብር ሳታስቀንሺ፣ 60 ወንበር 144,000፣ 15 ጠረጴዛ 108,000፣ ድምሩ 252,000 ነው። ቫቱ 37,800 ሲጨመር 289,800 ይሆናል። ካለሽ ገንዘብ ውስጥ ይገባል፣ 10,200 ብርም ይተርፍሻል። ቀሪው 20 ወንበርና 5 ጠረጴዛ በዛሬው ዋጋ ከነቫቱ 96,600 ብር ነው፤ ለእሱ የወላጆች ክፍያ ገባ ሲል፣ ከገና በኋላ፣ ልትመጪ ትችያለሽ። የሚቀሩት ልጆች በመስከረም ድንገት ቢመዘገቡስ? ለጥቂት ሳምንት ምንጣፍና በውሰት የመጣ ወንበር ይሸፍናል። ሁሉም ክፍል በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሆኖ ይታይ የሚል ምኞት ካለሽ እሱንም ለራስሽ ግልጽ አድርጊው፤ ምኞት ነው፣ ግዴታ አይደለም።

ጋሼ ብዛቱ ሲቀንስ ነጠላ ዋጋውን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ መብታቸውም ነው። ለ80 ወንበር አንድ ጊዜ የሚሠሩትን መግጠሚያ ቅርጽ ለ60ም መሥራታቸው አይቀርም። ያኔ የሚጠቅምሽ ጥያቄ «ስንት ይቀንሳሉ?» የሚለው ሳይሆን «ምን ብንቀይር ይቀንሳል?» የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ነው። የሕፃን ወንበር ከነደጋፊውና ከነማገሩ 3 ሜትር ከ20 ወይም ከ30 ቢፈጅ ከአንድ ዘንግ አንድ ወንበር ወጥቶ የቀረው ለሁለተኛው አይበቃም፤ ቁራጩ ለማገር ካልዋለ ብክነት ነው፣ ዋጋውም አንቺ ላይ ያርፋል። የመቀመጫው ስፋትና የደጋፊው ቁመት ጥቂት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢቀነስ ከአንድ ዘንግ ሁለት ወንበር ሊወጣ ይችላል። ይህንን አንቺ ልታሰዪው አትችይም፣ እሳቸው ግን በዐይናቸው ያውቁታል። የጠረጴዛው ክዳን ላይም እንዲሁ ነው። ከሙሉው ጣውላ ስንት ክዳን እንደሚወጣ ጠይቂያቸው፤ ልኩ በጥቂቱ ሲስተካከል አንዳንዴ ከአንዱ ጣውላ አንድ ተጨማሪ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። የማትነኪው ነገር ግን የብረቱን ውፍረት ነው።

ስለ ውፍረት ካነሳን ወደ ሌላኛው ቤት ፕሮፎርማ እንለፍ። አስተውለሽ ከሆነ 310,500ውም ከኪስሽ በላይ ነው። ስለዚህ እሱ እንደ ማስፈራሪያ እንጂ እንደ አማራጭ ገና አልቆመም። ከማወዳደርሽ በፊት ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዕቃ መጻፋቸውን አረጋግጪ። 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ተብሎ ውፍረቱ ካልተጻፈ ምንም አልተጻፈም ማለት ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የ6 ሜትር ዘንግ ወደ 5 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ 0.8ቱ ደግሞ ከ3 ኪሎ ተኩል ብዙም አይበልጥም። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፣ ቀለም ሲቀቡ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ከሁለቱም ቤት አንድ አንድ የናሙና ወንበር አስመዝኚ። ልካቸው ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ በአንድ ኪሎ ገደማ ከቀለለ የዋጋው ልዩነት ከየት እንደመጣ ሚዛኑ ነግሮሻል። ቀጭኑ ብረት ሌላም ጣጣ አለው፤ ብየዳው ቶሎ ይበሳዋል፣ የበሳውም በቀለም ይሸፈናል።

ጋሼ ጋ ስትደውዪ የሌላውን ቤት ስም አትጥሪ፣ ወረቀቱንም አታሳዪ። «ሌላ ዋጋ አግኝቻለሁ» ማለት እውነት ስለሆነ ከጠየቁሽ ማለት ትችያለሽ። የሌለ ዋጋ ፈጥሮ ማለት ግን አይሆንም። በአንድ ከተማ የሚሠሩ ባለ ወርክሾፖች ብረቱን የሚገዙት ከእነዚያው ጥቂት ሱቆች ነው፤ በስንት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። «250 ሺህ ተባልኩ» ብትያቸው «እንግዲያ ውሰጃ ልጄ» ይሉሻል፣ የምትመለሽበት መንገድም አይኖርም።

እናትሽንም ከዚህ ነገር አውጪያት፤ በክፋት አይደለም። እናትሽ ዕድር ላይ ስታነጋግራቸው ጋሼ የሚመልሱት ለእናትሽ ነው፣ በሰው ፊት። ለእሷ ብለው የማይችሉትን «እሺ» ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ ሥራው ሲዘገይ ወይም ሲሳሳ መጠየቅ የማትችይ ሰው ትሆኛለሽ። «እማዬ፣ ይሄን እኔው ልነጋገር፣ አንቺ ሰላምታውን ብቻ ጠብቂልኝ» በያት።

ስልኩን ስትደውዪ ሰዓቱን ምረጪ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ወይም በምሳ ሰዓት ይሁን፤ ብረት መቁረጫው ፍሌክስ እየጮኸ የሚሰማ እምቢታ ግማሹ ይጠፋል። ከሰላምታው በኋላ ብዙ አትዙሪ። እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ በመጀመሪያ ስልክዎን ባለማንሳቴ ይቅርታ። ፕሮፎርማውን አይቼዋለሁ። 386,400 ብር ለዚህ ዓመት ከያዝኩት በላይ ስለሆነ በዚህ መልኩ አልወስደውም። ሥራዎን ግን እፈልገዋለሁ። በ60 ወንበርና በ15 ጠረጴዛ አዲስ ዋጋ ቢያወጡልኝ እስከ ሐሙስ መልስ እሰጥዎታለሁ።» እዚህ ላይ ዝም በዪ። አብዛኛው ሰው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ዝምታውን ለመሙላት በሚለው ነው፤ «የከርሞው ሁሉ የእርስዎ ነው»፣ «ብር ሲገኝ እጨምራለሁ» ይላል። ከርሞ በያዝሽው ቃል ነው የምትጠየቂው። ቃል የምትገቢው ለምታውቂው ነገር ብቻ ይሁን።

ሁለት አነጋገሮችን ደግሞ ከአፍሽ አርቂ። አንደኛው «ውድ ነው» የሚለው ነው። ውድ ነው ስትያቸው ስለ ዋጋቸው ፈረድሽ፤ «ከያዝኩት በላይ ነው» ስትዪ ግን ስለ ኪስሽ ተናገርሽ፤ በኪስሽ ማንም አይከራከርሽም። ሁለተኛው «እናስብበታለን፣ እደውላለሁ» ነው። እኛ ዘንድ ይህ የጨዋ እምቢታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሥራ ለሚጠብቅ ሰው እሺም እምቢም ስላልሆነ ተንጠልጥሎ ያስቀረዋል።

በስልክ ከተነጋገራችሁ በዚያው ቀን በጽሑፍ ላኪላቸው፤ በቴሌግራምም ቢሆን ችግር የለውም። ጽሑፉ የሚጠቅመው ለሁለታችሁም ነው። በጥር ስትመለሺ የትኛው ፕሮፎርማ እንደቀረና ምን እንደተባለ አትከራከሩም። አጭር ይሁን፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

«በቁጥር … በቀን … ያወጡልን ፕሮፎርማ ደርሶናል፤ ስለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን። ጠቅላላ ዋጋው ብር 386,400 (ቫትን ጨምሮ) ለዘንድሮ ከያዝነው በጀት በላይ በመሆኑ በቀረበው መልክ ልንቀበለው አልቻልንም። በዚሁ የብረት ውፍረትና የክዳን ዓይነት ለ60 ወንበርና ለ15 ጠረጴዛ፣ ማጓጓዣን ጨምሮ፣ አዲስ ፕሮፎርማ እስከ … ድረስ ቢያወጡልን ተመልክተን እስከ … ቀን ቁርጥ መልስ እንሰጥዎታለን። ቀሪውን 20 ወንበርና 5 ጠረጴዛ በጥር ወር በወቅቱ ዋጋ ልንጠይቅዎ አስበናል፤ ይህ ግን የግዢ ትእዛዝ አይደለም። ከአክብሮት ጋር።»

ቁጥሩንና ቀኑን የጠየቅሁሽ በምክንያት ነው፤ የቀረው ያ ወረቀት እንጂ ሰውየው አለመሆናቸው ከጽሑፉ ይታያል። 300,000 የሚለውን ቁጥርሽን ግን ደብዳቤው ላይ አላስገባሁትም። ብዛቱን ስለነገርሻቸው እሳቸው ዋጋውን ራሳቸው ያወጡታል፤ ጣሪያሽን ካወቁ ግን አዲሱ ፕሮፎርማ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ በክፋት ሳይሆን በሰው ጠባይ። በስልክ «ስንት ይዘሻል?» ብለው በግድ ከጠየቁሽ «ለ60ው ከነቫቱና ከነማጓጓዣው ከ290 እንዳያልፍብኝ» በዪ። ይህ ቁጥር ግን እሺ ቢሉሽ በማግስቱ የምትከፍይው መሆን አለበት። ቁጥር ጠርቶ ሲሰጡት ማፈግፈግ ከእምቢታ ሁሉ የባሰ ነው።

ምን ሊመልሱልሽ ይችላሉ? «ለአንቺማ 10,000 ልቀንስልሽ» ይሉ ይሆናል፣ በ80ው ላይ። ይሉኝታ የሚይዝሽ እዚህ ጋ ነው። አመስግኚና «ጋሼ፣ ያንኑ ቅናሽ በ60ው ላይ ያስቡልኝ» በዪ፣ እንጂ ከአቅምሽ በላይ የሆነውን አትቀበይ። ወይም «ያለ ደረሰኝ ይሁንና ቫቱ ይቅር» ይሉሻል። ለአንቺ 15 በመቶው ወጪ ስለሆነ ይህ ያጓጓል። ግን ደረሰኝ የሌለው ወጪ በግብር ጊዜ ወጪ ሆኖ አይያዝልሽም፤ ወንበሩ ሲሰበርም የምታቀርቢው ወረቀት የለም፤ ቅጣቱም ለሁለታችሁ ነው። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ስለሆነ ኦዲት አለብኝ፣ በደረሰኝ ይሁን» በዪና እለፊው። ሊከፉም ይችላሉ፤ «እሺ ይሁን» ብለው ስልኩን ሊዘጉ ይችላሉ። ያኔ ደግመሽ ደውለሽ አታባብዪ። ጽሑፉን ላኪና የሰጠሻቸውን ቀን ጠብቂ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ፕሮፎርማ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይመጣል፤ 252,000 ብር በሐምሌ ቀላል ሥራ አይደለም።

አዲሱ ወረቀት ሲመጣ የመጀመሪያው ያላነሳቸውን ነገሮች ፈልጊ። ማጓጓዣው በማን ነው? የብረቱ ውፍረት ተጽፏል? ጸረ ዝገት ስንት እጅ ይቀባል? 70 በመቶው ቅድሚያ ከ289,800 ላይ 202,860 ብር ነው። ከዚህ ላይ «50 በመቶ አሁን፣ 30 በመቶ ብረቱ ተቆርጦና ተበይዶ ሳይቀባ ሳየው፣ ቀሪው በርክክብ» ብለሽ ብትጠይቂ ተገቢ ነው። ሳይቀባ ማየቱ ብየዳውን በዐይንሽ እንድታዪ ያደርጋል። ግን አስቢበት፤ ለእሳቸው ቅድሚያው ብረቱ ሳይጨምር የሚገዙበት ገንዘብ ነው። ቅድሚያውን እያስቀነሱ ዋጋውንም ማስቀነስ አብሮ አይሄድም፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ። እኔ በአንቺ ቦታ ዋጋውን ትቼ የክፍያውን አከፋፈል እመርጥ ነበር።

ባለቤትሽ ያለውን ቀብድ ግን ገና ሳትወስኚ አትጣዪ። በሕጉ ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን የሚያስረዳ ነገር ነው። ከዚያ አንቺ ብትተዪው ቀብዱ ይቀራል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ለመነጋገሪያ ጊዜ ለመግዛት ብለሽ የሰጠሽው ገንዘብ እምቢ የማለት መብትሽን ያስከፍልሻል ማለት ነው።

አዲሱም ዋጋ ካልተስማማሽና ሌላ ቤት ካሠራሽ፣ ከሰው ሳይሰሙ አንቺው ንገሪያቸው፤ አንድ መስመር ይበቃል፣ ለማን እንደሰጠሽና በስንት መናገር የለብሽም። በጥር ስትመለሺ ደግሞ የሐምሌውን ዋጋ ይዘሽ «ያኔ 2,400 ብለውኝ ነበር» አትበዪ። ያ ወረቀት አልቋል፤ ብረቱም ያኔ በሌላ ዋጋ ነው። ይልቅ በአሁኑ ንግግር አንድ ነገር ብትጠይቂ ኋላ ይጠቅምሻል፤ በነጠላ ዋጋው ውስጥ የዕቃው ስንት፣ የእጅ ስንት እንደሆነ ለይተው እንዲጽፉልሽ። ሁሉም ባለሙያ ይህንን አይወድም፣ እምቢ ካሉ አትጫኚ። ከጻፉልሽ ግን በጥር ስለ እጅ ዋጋው ብዙ አትነጋገሩም፣ የብረቱን ብቻ በዕለቱ ዋጋ ታሰላላችሁ። ወቅቱም ላንቺ ያደላል፤ የመስከረም ግርግር አልፎ ወርክሾፖች ቀዝቀዝ የሚሉበት ጊዜ ስለሆነ ለ25 ዕቃም ጊዜ ሰጥተው ያነጋግሩሻል። ስትሄጂ ከተሠሩት ወንበሮች አንዱን ይዘሽ ሂጂ፣ የላላውን ወይም የተላጠውን፤ ካለ።

እስከዚያው ዕድር ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ብትገናኙና ነገሩን ቢያነሱት «ጋሼ፣ ለሱ ሰኞ ወርክሾፕ እመጣለሁ» በያቸውና ስለ ጤናቸው ጠይቂ።